አራት ጠያቂ፣ አንድ ተፈታኝ

«ውድ አማካሪያችን፣ ጅማ ከተማ ቡና አዘጋጅቶ ወደ ውጭ በሚልክ ድርጅት ውስጥ የሰው ኃይል ሠራተኛ ነኝ። ከገባሁ ዓመት አልሞላኝም። ባለፈው ሳምንት ለጥራት ተቆጣጣሪነት አንዲት ልጅ ለኢንተርቪው ጠራሁ። በስልክ ያልኳት ‹ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ነይ› ብቻ ነው። ስትገባ አራት ሰው እንደሚጠይቃት አላወቀችም፤ ክው ብላ ቀረች። አንደኛው ጠያቂ፣ የኤክስፖርት ኃላፊያችን፣ ከአዲስ አበባ በቪዲዮ የሚገባ ነበር፣ 25 ደቂቃ አስጠበቀን። ሦስቱ ደግሞ፣ ሥራ አስኪያጁ፣ የጥራት ክፍል ኃላፊውና የሂሳብ ኃላፊው፣ አንዱ የጠየቀውን ሌላው መልሶ ይጠይቃል። አሥራ አንድ ሰዓት ሲቃረብ ልጅቷ ‹ቤቴ ከአጋሮ ወዲያ ነው፣ መኪና ያመልጠኛል› ብላ ተነሥታ ሄደች። አፈርኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ተፈታኞች አሉ። ጠያቂዎቹን በአንድ ሰዓት ማገናኘት አቅቶኛል። ስንት ሰው እንደሚጠይቅና ምን ያህል እንደሚፈጅ ለተፈታኞቹ ልንገር ስል፣ ሥራ አስኪያጃችን ‹ይሄ ፈተና ማሾለክ ነው፤ ሰው የሚታወቀው ሳይዘጋጅ ሲመጣ ነው› አሉኝ። በዕድሜም በሥልጣንም የሚበልጡኝን ሰዎች እንዴት ሰዓት አስከብራለሁ?
ሐ.፣ ከጅማ»

እህቴ ሐ.፣

ደብዳቤሽን ሳነብ ያቺ ልጅ አይኔ ላይ መጣች። እኔም ከዓመታት በፊት እንደዚያ ገብቼ አውቃለሁ። አንድ ሰው ያነጋግረኛል ብዬ በሩን ስከፍት አምስት ሰው ተደርድሯል። ከዚያ በኋላ ሰዓቱን በሙሉ መሐል ላይ ለተቀመጡት ሰውዬ ብቻ ስመልስ ነበር። የቀጣሪ ክፍሉ ኃላፊ ጥግ ላይ የነበሩት ሴትዮ እንደሆኑ ያወቅኩት ከወጣሁ በኋላ ነው። ስለዚህ ማፈርሽ ይገባኛል፤ ማፈርሽ ራሱ ለሰው የምትጨነቂ መሆንሽን ነው የሚነግረኝ።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጅቷ እሑድ ማታ ደውላልሽ «ስንት ሰዓት ይፈጃል? ማን ማን ይጠይቀኛል?» ብትልሽ ኖሮ መልስ ነበረሽ? የነበረሽ አይመስለኝም። ያልነገርሻት ስለደበቅሽ አይደለም፤ ጠያቂዎቹ ራሳቸው ስላልወሰኑ ነው። ችግሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ለተፈታኝ የሚላከው መልእክት ላይ ባዶ የሚቀረው ቦታ ሁሉ፣ ጠያቂዎቹ ያልተነጋገሩበት ነገር ነው። ስለዚህ መልእክቱን አሁኑኑ ለመጻፍ ሞክሪ። የሚጎድልሽ ነገር ምን እንደሆነ ሲታይሽ፣ ሥራ አስኪያጅሽን ምን እንደምትጠይቂ ታውቂያለሽ።

ከሥራ አስኪያጅሽ ልጀምር። እሳቸው ቢሉትም አትናደጂባቸው፤ ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያስበው። ጥያቄውን ቀድሞ መንገር ማሾለክ ነው፣ እውነታቸውን ነው። ስንት ሰው እንደሚጠይቅ፣ በምን ቋንቋ እንደሚጠየቅ፣ መቼ እንደሚያልቅ መንገር ግን የመልሱን ፍንጭ አይሰጥም። ድንጋጤ የሚለካው ድንጋጤን ብቻ ነው። የጥራት ተቆጣጣሪ ጫና መቻል አለበት የሚሉ ከሆነም፣ እሱን በጥያቄ ማየት ይቻላል። «አንድ የቆየ ደንበኛ እርጥበቱ ከሚፈቀደው በላይ የሆነ ቡና አመጣ፤ መኪናው በር ላይ ቆሟል፤ ሰውየው ይጮሃል። ምን ታደርጊያለሽ?» ይበሏት። ይሄ የሥራው ጫና ነው። በር ስትከፍት አራት ሰው ማየት ግን የሥራው ጫና አይደለም።

ስትነግሪያቸው እንዲህ ብትዪስ? «ጋሼ፣ ጥያቄዎቹን ለማንም አልነግርም። ማን እንደሚጠይቅና ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ ብቻ ልንገራቸው። ያለፈችዋ ልጅ የሄደችው መኪና እንዳያመልጣት ፈርታ ነው፤ ቀድማ ብታውቅ ኖሮ ማደሪያ ትፈልግ ነበር ወይም ሌላ ሰዓት ትጠይቀን ነበር። እሷን ያጣናት እኛ ነን።» በክርክር ሳይሆን በደረሰው ነገር ስታስረጂያቸው የሚሰሙሽ ይመስለኛል። ቡናው መግባት ሊጀምር ነው፣ ሰው ያስፈልጋቸዋል።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። አራት ሰው ባለበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «መቼ ይመቻችኋል?» ብለሽ ጽፈሽ ከነበረ፣ ለምን እንዳቃተሽ ገባኝ። አንዱ ማክሰኞ ይላል፣ ሌላው ሐሙስ፣ ሦስተኛው ዝም ይላል። ከዚህ ይልቅ ጊዜው በጣም ከጠበበው ሰው ጀምሪ። እንደሚመስለኝ እሱ የአዲስ አበባው የኤክስፖርት ኃላፊ ነው። ለብቻው ደውይለትና ሦስት ክፍት ጊዜ ብቻ ተቀበይ። ከሦስቱ ውስጥ ሥራ አስኪያጁ የሚችሉትን ሁለቱን ለይ። ለቀሩት ሁለቱ ደግሞ «ረቡዕ ወይም ሐሙስ፣ እስከ ነገ ስድስት ሰዓት መልሱልኝ» በያቸው። ምርጫው ሲጠብ መልሱ ይፈጥናል። ቀኑ ሲቆረጥ ለአራቱም በጽሑፍ ላኪ፤ በቃል የተያዘ ቀጠሮ እንደ ተያዘ አይቆጠር።

አርብን ተዪው። ጅማ ላይ አርብ ቀትር የጁምዓ ሰዓት ነው፣ ጠያቂም ተፈታኝም ይሄዳል። ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ አጭር ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ ለሩቅ ሰው ይመሻል። ወደ ፊት ረመዳን ላይ ከቀጠራችሁም ጠዋቱን ምረጡ፤ ከሰዓት በኋላ የጾመ ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያወራ ጉሮሮው ይደርቃል።

ደግሞ የሰዓት አጻጻፍ ነገር አለ፤ ብዙ ኢንተርቪው የሚበላሸው በዚህ ነው። አንቺ «ሦስት ሰዓት» ስትዪ ጠዋት ነው። የአዲስ አበባው ሰው ስልኩ ካላንደር ላይ የሚያየው ግን 9:00 AM ነው። አንቺ በችኮላ 3:00 PM ብለሽ ከሞላሽው፣ እሱ የሚገባው በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለቱንም ጻፊ፤ «ረቡዕ ጠዋት ከ3፡00 (በስልክ ካላንደር 9:00 AM)»። የቀኑንም ስም አትርሺ። የኢትዮጵያና የፈረንጅ ቀን የተምታታበት ሰው «ረቡዕ» የሚለውን ሲያይ ይነቃል።

ስንት ሰዓት ይፍጅ? እስቲ አብረን እናስላው። ለሰላምታ፣ ራስን ለማስተዋወቅና አካሄዱን ለመንገር 5 ደቂቃ ያስፈልጋል። አንድ ጥሩ ጥያቄ፣ ከመልሱና ከአንድ ማብራሪያ ጋር 7 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ስድስት ጥያቄ ብትይዙ 42 ደቂቃ ነው። ተፈታኟ ለምትጠይቀው 10 ደቂቃ፣ መልሱ መቼ እንደሚነገራት ለመንገርና ለመሸኘት 3 ደቂቃ ስጡ። አንድ ሰዓት ሞላ። አሥር ጥያቄ ያስፈልገናል የሚል ጠያቂ ከመጣ ሒሳቡን አሳዪው። አሥር ጥያቄ ብቻውን 70 ደቂቃ ይበላል፣ ሰላምታው ሳይቆጠር።

ስድስቱን ጥያቄ እኩል አታካፍሉ። የጥራት ክፍሉ ኃላፊ ሦስት ይያዙ፤ ሥራው የሳቸው ነው። የኤክስፖርቱ ሰው አንድ፣ የሂሳብ ኃላፊው ስለ መዝገብ አያያዝ አንድ፣ ሥራ አስኪያጁ አንድ። የማን ጥያቄ የትኛው እንደሆነ ስሙ ተጽፎ ይያዝ። ባለፈው ሳምንት አንዱ የጠየቀውን ሌላው የደገመው ሰዎቹ ስለሚረሱ አይደለም። ሁሉም «ስለ ራስሽ ንገሪን» እና «ለምን እኛን መረጥሽ» የሚለውን ከየቤቱ ይዞ ስለመጣ ነው። ጥያቄዎቹ በአንድ ወረቀት ላይ ከሆኑ ድግግሞሹ ገና ከመግባቷ በፊት ይታያል። ለሦስቱም ተፈታኞች ያው ስድስት ጥያቄ፣ በያው ቅደም ተከተል ይቅረብ። አለበለዚያ አንዷን ከአንዷ ማወዳደሪያ አይኖራችሁም።

የተፈታኝ ሰዓት 60 ደቂቃ ቢሆንም፣ የጠያቂዎቹን ጊዜ ግን 90 ደቂቃ ያዢ። 15 ደቂቃው ከመግባቷ በፊት መቀመጫና ቪዲዮ ለማየት፣ 15ቱ ከወጣች በኋላ ነጥብ ለመስጠት ነው። ይህችን ሁለተኛዋን 15 ደቂቃ አትንፈጊያቸው። ሳትኖር ስትቀር ሰዎቹ ሦስተኛዋ ተፈታኝ ከወጣች በኋላ የመጀመሪያዋን ለማስታወስ ይታገላሉ። ነጥቡንም እያንዳንዱ ለየራሱ ቅጽ ላይ ይሙላ፣ ከዚያ በኋላ ይወያዩ። ሥራ አስኪያጁ ቀድመው «ጎበዝ ናት» ካሉ ሌላው ሰው ያሰበውን ዝቅተኛ ነጥብ ለመናገር ይከብደዋል። ስለዚህ እሳቸው መጨረሻ ላይ ይናገሩ። ይሄን በትሕትና ጠይቂያቸው፣ «የእርስዎ ቃል ስለሚከብድ ነው» ብለሽ። ውሸትም አይደለም።

ሦስቱን ተፈታኞች በአንድ ቀን ማየት ትችላላችሁ። መጀመሪያ ግን ሁሉም ከየት እንደሚመጡ ጠይቂ። ለምሳሌ አንዷ ከአጋሮ፣ አንዱ ከቦንጋ፣ አንዷ እዚያው ጅማ ነዋሪ ናቸው እንበል። የአጋሮዋ 3፡00 ላይ ትግባ፤ ጠዋት ተነሥታ ትደርሳለች። የቦንጋው ሰው መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ 4፡30 ስጪው፤ 5፡30 ላይ ይወጣል፣ ምሳውን በልቶ ሳይመሽ ቤቱ ይገባል። ጅማ ያለችው 8፡00 ላይ ብትገባ ምንም አትጎዳም። ይህን ብታደርጉ ያለፈው ሳምንት ነገር አይደገምም። ያቺ ልጅ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መግባት አልነበረባትም፤ ከአጋሮ ወዲያ ለሚሄድ ሰው ዘጠኝ ሰዓት የመመለሻ ሰዓት ነው።

የቪዲዮውን ነገር ከአንድ ቀን በፊት፣ በዚያው ሰዓት ሞክሩት። ጠዋት የሠራ ኔትወርክ ከሰዓት ላይሠራ ይችላል። ከዚያ አንድ ደንብ አውጡ። የአዲስ አበባው ሰው በ5 ደቂቃ ካልገባ በስልክ ድምፅ ማጉያ ይግባ። ስልኩም እምቢ ካለ እሱን ሳይጠብቁ ይጀመር፤ የእሱን ጥያቄ የጥራት ኃላፊው ያንብቡለት። ያልሰማውን ተፈታኝ ግን ነጥብ አይስጥ። ደንቡ ቀድሞ ከተነገረው ማንም አይቀየምሽም።

አሁን የከበደሽ ነገር ላይ ደረስን፤ ሰዓት ማስከበር። አንቺ ሄደሽ ጋሼን «ጊዜዎ አልቋል» ማለት አትችዪም፣ እንድትዪም አልመክርሽም። ሥልጣኑን ከራሳቸው ተቀበዪ። ከኢንተርቪው በፊት ባለው ቀን 20 ደቂቃ ሰብስቢያቸው፤ ጥያቄው በዚያ ይከፋፈላል። እዚያ ላይ ሥራ አስኪያጁ «ሰዓቱን ሐ. ትይዛለች» ብለው አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲናገሩ ጠይቂ። እሳቸው ይክፈቱ፣ እሳቸው ይዝጉ። አንቺ ጠረጴዛው ዳር ተቀምጠሽ ጥያቄ ሊያልፍ ሲል ትንሽ ወረቀት ታሳዪያለሽ፤ «ወደ ቀጣዩ» ተብሎ የተጻፈበት። መጨረሻው ሲቃረብ ደግሞ «10 ደቂቃ» የሚል። ምንም ቃል ሳታወጪ፣ የትልቅ ሰውም ክብር ሳይነካ ሰዓቱ ይከበራል። በመሐል የሚቀሰቀስ ጥያቄ ያለው ሰውም አያቋርጥ፤ ወረቀቱ ላይ ይጻፈው፣ ጊዜ ከተረፈ ይጠይቀዋል።

ይሄ ሁሉ ሲያልቅ ለተፈታኙ የሚላከው መልእክት ይገኛል። አስቀድመሽ ደውይ፣ ከዚያ በጽሑፍም ላኪ፤ በስልክ የተነገረ ሰዓት ከደስታ ብዛት ይረሳል። ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀን ቀድሞ ይድረስ፤ ሥራ ላይ ያለ ሰው ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ለቦንጋው ሰው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ሰላም። ለጥራት ተቆጣጣሪነት ላመለከቱት ሥራ ለኢንተርቪው ጠርተንዎታል። ቀኑ ረቡዕ ጥቅምት 5፣ ሰዓቱ ጠዋት 4፡30 በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ በስልክ ካላንደር 10:30 AM ነው። ቦታው ጅማ፣ መሥሪያ ቤታችን አንደኛ ፎቅ። የሚጠይቁዎት አራት ሰዎች ናቸው፤ ሥራ አስኪያጁ፣ የጥራት ክፍል ኃላፊው፣ የሂሳብ ኃላፊው፣ እንዲሁም ከአዲስ አበባ በቪዲዮ የሚገቡት የኤክስፖርት ኃላፊ። አራቱም በአንድ ላይ ሆነው በየተራ ይጠይቁዎታል። በጠቅላላው ስድስት ጥያቄ ነው። አምስቱ በአማርኛ ናቸው፣ ከፈለጉ በአፋን ኦሮሞ መመለስ ይችላሉ፤ አንዱ በእንግሊዝኛ ነው። የጽሑፍና የቅምሻ ፈተና በዚህ ቀን የለም። አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ 5፡30 ላይ ያበቃል። ወደ መጨረሻው ላይ 10 ደቂቃ እርስዎ የሚጠይቁበት ነው። መታወቂያና ዋናውን የትምህርት ማስረጃ ይያዙ። ሰዓቱ ካልተመቸዎት፣ ወይም ደረጃ ለመውጣት፣ ለመስማት ወይም ለማየት የሚያግዝዎ ነገር ካለ በዚህ ስልክ ይንገሩን። ለሐ. ይደውሉ።»

ረዘመ ትዪ ይሆናል። ግን የትኛውን ታወጪዋለሽ? ቋንቋውን ካወጣሽ፣ እንግሊዝኛ ሲመጣ ሰው ይደነግጣል። የቋንቋውን ጉዳይ ጠያቂዎቹ አስቀድመው ይስማሙበት፤ ከአራቱ አፋን ኦሮሞ የማይሰማ ካለ ያን ዓረፍተ ነገር አትጻፊው። «የቅምሻ ፈተና የለም» የሚለውን ካወጣሽ፣ አንዱ ቡና ያስቀምሱኛል ብሎ ምላሱን ጠብቆ፣ ሌላው ሳያስበው ሽቶ ተቀብቶ ይመጣል። ቅምሻ ካለ ደግሞ ከኢንተርቪው ለይታችሁ ሌላ ሰዓት ስጡትና እሱንም ንገሩ። የማለቂያውን ሰዓት ካወጣሽ እንደገና ወደ መኪናው ጉዳይ ተመለስን። ጥያቄዎቹን ግን በሙሉ ከውስጡ አውጥተሻል፤ ጋሼ መልእክቱን አንብበው ምን እንደሾለከ ያሳዩሽ።

ሁለት ነገር ሊበላሽ ይችላል። አንደኛ፣ ከጠያቂዎቹ አንዱ በዕለቱ ይቀራል። ሦስት ሰው ይበቃል፣ ቀጥሉ። በምትኩ ሌላ ሰው ጎትታችሁ አታስገቡ። ሰው መቅረቱን ለተፈታኙ በሩ ላይ ንገሪው፤ «አራት ብዬህ ነበር፣ ዛሬ ሦስት ናቸው» በቃ። ሁለተኛ፣ ሰዓቱ ሞልቶ ጥያቄ ይቀራል። «10 ደቂቃ ሊቆዩልን ይችላሉ?» ተብሎ ይጠየቅ። አልችልም ካለ ምንም ነጥብ አይቀነስበት፤ የነገርነውን ሰዓት ያፈረስነው እኛ ነን። ይሄ ከሦስቱ ከሁለቱ ላይ ከተከሰተ ግን ጥያቄው በዝቷል ማለት ነው፤ ለሚቀጥለው ጊዜ አንዱን አውጡ።

ስለ ሄደችው ልጅ አልጠየቅሽኝም። ግን ደብዳቤሽ ውስጥ አለች። ቦታው ገና ክፍት ነው፣ አይደል? እንግዲያስ ደውይላት። ማብራሪያ አታብዢ። «ያን ቀን አራት ሰው እንደሚጠይቅሽና ምን ያህል እንደሚፈጅ ልነግርሽ ይገባ ነበር፤ አልነገርኩሽም፣ ይቅርታ። ፍላጎቱ ካለሽ ጠዋት ላይ ሰዓት እንይዝልሻለን» በያት። ሥራውን ታገኛለች ብለሽ ግን ተስፋ አትስጪ። ከመደወልሽ በፊት ሥራ አስኪያጁን አስፈቅጂ፣ እሷን ለማየትም ሌላ 90 ደቂቃ ከአራቱ መያዝ እንደሚቻል አረጋግጪ። ስትመጣ ያው አዲሱ ስድስት ጥያቄ ይቅረብላት፤ ባለፈው የመለሰችው አይቆጠር፣ ለሌሎቹም ለእሷም ፍትሐዊ የሚሆነው እንደዚያ ነው። እምቢ ልትልሽ ትችላለች። እምቢ ብትልም ስልኩን ከመዝጋትሽ በፊት ያን ቀን መኪናው አምልጧት እንደሆነ ጠይቂያት። አምልጧት ካደረች፣ ለማደሪያ ያወጣችውን ድርጅቱ ይሸፍንላት እንደሆነ ጋሼን ጠይቂልኝ።